ሁለት እግር ወጥቶ አፍንጫ ሳይታይ ሲቀር፦ አንገቱ የታጠፈ ግልገል ማዋለድና የደከመውን ማትረፍ

ምጥ የጠናባት ፍየል ሁለት የፊት እግር ወጥቶላት የግልገሉ አፍንጫ ሳይታይ ሲቀር፣ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የወጣውን እግር ይዞ መሳብ ነው። ግልገሉ ግን አንገቱን ወደ ጎን አጥፎ ጭንቅላቱን በራሱ ጎድን ላይ አስተኝቷል። እግሩ በተሳበ ቁጥር የታጠፈው አንገት ከእናቲቱ የዳሌ አጥንት ላይ ይበልጥ ይቀረቀራል። ሁለት ሦስት ጎረምሳ ተጨምሮ ሲሳብ የሚገኘው የሞተ ግልገል ወይም የተቀደደ ማሕፀን ነው። ሥራው የሚጀምረው ከተቃራኒው ነው፤ ግልገሉ መጀመሪያ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ይቃናል፣ መሳብ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከወጣ በኋላም እንዲሁ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። የበረደ ግልገል ሲያዩ ቸኩለው ወተት ያፈሱለታል፤ መቅደም ያለበት ግን ሙቀቱ ነው።

እዚህ የምንከተለው አንድ ምሳሌ ነው። ደምበጫ አካባቢ፣ ወይና ደጋ፣ የሐምሌ ሌሊት። ፍየሏ 28 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ፣ መንታ ያረገዘች ናት። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ፤ 7፡10 ላይ ሁለት ሰኮና ታየ።

እጅ የሚገባው መቼ ነው?

ፍየል ከተጠቃች 150 ቀን ገደማ ላይ ትወልዳለች፤ አምስት ቀን ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል አያስደነግጥም። ከመውለዷ ሰዓታት በፊት ትቁነጠነጣለች፣ መሬት ትጭራለች፣ ትተኛለች ትነሣለች፣ ከመንጋው ትለያለች፣ ወፍራም ዝልግልግ ፈሳሽ ይታይባታል። ይህ የማሕፀን አፍ የሚከፈትበት ጊዜ ስለሆነ እስከ 12 ሰዓት ቢቆይም መንካት አያስፈልግም። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው እግሮቿን ዘርግታ፣ እየጮኸች፣ ሆዷን አጥብቃ ስትገፋ ነው። እንዲህ እየገፋች 30 ደቂቃ ካለፈና አዲስ ነገር ካልታየ መመርመር አለባት። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው ትንሽ ትዘገያለች፤ ሰኮናና አፍንጫ አብረው ከታዩ፣ በየምጡም በጥቂቱ ወደ ፊት ከመጡ፣ እስከ አንድ ሰዓት ቢታገሷት ያምራል። ሁለት እግር ብቻ ወጥቶ አፍንጫ ከጠፋ ግን መታገሥ ትርፍ የለውም፤ አንገት በራሱ አይቃናም። «ይንጋና ባለሙያ እንጠራለን» ማለትም ብዙ ግልገል አስቀርቷል፤ ስልክ ከተደወለ አሁኑኑ ይደወል፣ እጅም በዚያው ይታጠብ።

ምጥ የጀመረች መስላ ሳትገፋ የምትውል ፍየልም አለች። ግልገሉ በቂጡ መጥቶ የኋላ እግሮቹን ወደ ሆዱ ካጠፈ፣ ወይም የማሕፀኑ አፍ ካልተከፈተ፣ የመውለጃውን መንገድ የሚሞላው ነገር ስለሌለ ጠንካራ ግፊት አይመጣም። የሽርት ውሃ ፈሶ አንድ ሰዓት ሳትገፋ ዝም ካለች እሷም ትመርመር።

በምሳሌያችን 7፡40 ሆነ። ሰኮናዎቹ እስከ ጉልበት ወጥተዋል፣ አፍንጫ የለም። እጅ የሚገባበት ሰዓት ይኸው ነው።

የሚዘጋጀው

ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ አትሥራ፤ የሽርት ውሃውንና የእንግዴ ልጁንም አትንካ። ፍየልን የሚያስወርዱ አንዳንድ በሽታዎች በፈሳሹ ወደ ሰው ይተላለፋሉ፣ የሰውንም ፅንስ ይጎዳሉ። ሌላውም ሰው ቢሆን የላስቲክ ጓንት ቢያደርግ ይበጀዋል፤ እጁ ላይ ቁስል ካለበት ደግሞ ያለ ጓንት አይግባ። ከሚረዱት መካከል እጁ ትንሹ የሆነው ሰው ነው የሚገባው፤ ጉልበቱ የበረታው የሚያስፈልገው ፍየሏን ለመያዝ ነው።

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ፈልቶ የቀዘቀዘ ሁለት ባልዲ ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቆች፣ የእጅ ባትሪ፣ ለስላሳ የጥጥ ገመድ ሦስት፤ እያንዳንዱ አንድ ክንድ ተኩል ይርዘምና 20 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይፍላ። ሲባጎ አይሁን፤ ቀጭን ስለሆነ የግልገሉን ቆዳ ይቆርጣል። የሕክምና ማለስለሻ ካልተገኘ የምግብ ዘይት ይሠራል። ተልባም ጥሩ ነው፤ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጣርቶ፣ ልጋጉ ለብ እስኪል ከቀዘቀዘ በኋላ በዚያው ሌሊት ይሠራበታል። የሽርት ውሃው ካለቀ በኋላ ደረቁ መንገድ ለእጅም ለግልገሉም አሸዋ ነውና ማለስለሻው አይሰሰት። ለግልገሉ ደግሞ አዮዲን፣ የሰው ቴርሞሜትር፣ መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ደረቅ የጤፍ ጭድና ጆንያ ይቀመጥ።

ከመንካት በፊት ማወቅ

ጥፍር ይቆረጣል፣ ቀለበትና ሰዓት ይወልቃል፣ እጅ እስከ ክርን በሳሙና ይታጠባል። የፍየሏም ጭራ ሥርና ብልት ይታጠባል። ጣቶችዎን እንደ እሾህ ጫፍ አሹለው አንድ ላይ ሰብስበው፣ ዘይት ቀብተው፣ ምጥ ባልያዛት ጊዜ ቀስ ብለው ያስገቡ። ምጥ ሲመጣ እጅዎ ባለበት ይቁም፤ ከምጥ ጋር የሚታገል እጅ ማሕፀን ይቀድዳል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የማሕፀኑ አፍ ተከፍቷል ወይ የሚለው ነው። መዳፍ ሙሉ ካለፈ ደህና ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጣት ብቻ የሚያሳልፍ ጠንካራ ቀለበት ካጋጠመዎት በጉልበት አይክፈቱት፤ እጅዎን ያውጡ። ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሆድ ተከፍቶ ነው የሚፈታው።

ቀጥሎ እግሩ የፊት ነው ወይስ የኋላ የሚለው ይለያል። ከሰኮናው ጀምረው ወደ ላይ ይዳብሱ። የፊት እግር ከሆነ ቁርጭምጭሚቱና ጉልበቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። የኋላ ከሆነ ቁርጭምጭሚቱ ወደ አንድ፣ ቋንጃው ወደ ተቃራኒው ይታጠፋል፤ የቋንጃው ሹል አጥንትም በእጅ ይታወቃል። የሰኮናው መዳፍ ወደ ሰማይ ማየቱ ብዙ ጊዜ የኋላ እግር ምልክት ነው፤ ነገር ግን በጀርባው የተገለበጠ ግልገልም እንዲህ ስለሚታይ በመገጣጠሚያው ያረጋግጡ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሁለቱ እግሮች የአንድ ግልገል ናቸው? መንታ ሲሆን አንዱ የአንዱ፣ ሌላው የሌላው ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለት ግልገል አንድ ላይ ቢሳብ ማንም አይወጣም። አንዱን እግር ይከተሉ፤ ትከሻው ጋ ይድረሱ፣ ደረቱን ያቋርጡ፣ በሌላው ትከሻ በኩል ወርደው ሁለተኛው ሰኮና ላይ ከደረሱ የአንድ ናቸው። ከዚያ ከትከሻው ተነሥተው አንገቱን ይፈልጉ። አንገቱ ወደ ቀኝ ወይስ ወደ ግራ እንደዞረ ማወቅ የሚቻለው እዚህ ላይ ነው።

በሕይወት መኖሩንም በዚያው ይፈትሹ። በሰኮናው መካከል ቆንጠጥ ሲያደርጉት እግሩን ይሰበስባል፤ ጣት አፉ ውስጥ ሲገባ ምላሱን ያንቀሳቅሳል። ደክሞ የማይንቀሳቀስም አለና ዝም ስላለ ብቻ ሞቷል አይባልም። ጠጉሩ በእጅ የሚነቀል፣ የሚሸትና ቆዳው በአየር የተነፋ ከሆነ ግን ከሞተ ቆይቷል፤ የእናቲቱ ማሕፀንም ተጎድቷልና ለባለሙያ ይተው።

በምሳሌያችን ሁለቱም የፊት እግሮች ናቸው፣ የአንድ ግልገል ናቸው፣ አንገቱ ወደ እናቲቱ ግራ ጎን ዞሯል፣ እግሩን ሲቆነጥጡት ይሰበስባል።

ማቃናት

ይህ ክፍል በቅደም ተከተሉ ይሠራ፤ አንዱ ተዘሎ ወደ ሌላው አይታለፍ።

1. በሁለቱ እግሮች ላይ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ አንድ አንድ ገመድ በሸምቀቆ ይታሰር። የገመዶቹ ጫፍ ውጭ ይቀራል። እግሩ ወደ ውስጥ ሲመለስ የሚጠፋ እየመሰላቸው የማይገፉ አሉ፤ ገመዱ ያለው ለዚህ ነው።

2. የፍየሏ የኋላ አካል ከፍ ይበል። አንድ ሰው ተንበርክኮ ዳሌዋን በጭኑ ላይ ያሳርፍ፣ ሌላው ራሷን ይያዝ። ሆድ ዕቃው ወደ ፊት ሲንሸራተት ውስጥ ቦታ ይገኛል። ትንፋሽ ስለሚያጥራት ግን በዚህ ሁኔታ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አትቆይ፤ እያወረዱ ያሳርፏት።

3. ብዙ ዘይት ወይም የተልባ ልጋግ በእጅ ይገባል። ከዚያ ምጥ ባልያዛት ጊዜ መዳፍዎን በግልገሉ ደረት ላይ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል፣ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይግፉ። ከአንድ ስንዝር ያነሰ መመለስ ይበቃል። በዚህ ጊዜ እግሮቹም አብረው ይገባሉ።

4. ደረቱ እንደተመለሰ እጅዎን በአንገቱ ጎን አሳልፈው አፍንጫውን ይፈልጉ። ሲያገኙት መላውን አፍና አፍንጫ በመዳፍዎ ውስጥ ይሸፍኑ። ግልገል ብዙ ጊዜ ከታችኛው መንጋጋው ላይ የበቀለ ጥርስ ይዞ ይወለዳል፤ ያልተሸፈነ ጥርስ ማሕፀኑን ይሰነጥቃል። ከዚያ አፍንጫውን በቅስት ወደ መውጫው ያዙሩ።

5. አፍንጫው ርቆ ካልተደረሰበት ጣትዎን በአፉ ጠርዝ አጥፈው መጀመሪያ ወደ እርስዎ ያቅርቡ፣ ከዚያ ይሸፍኑ። የታችኛውን መንጋጋ ብቻ ይዞ መሳብ ወይም ገመድ ማሰር ይሰብረዋል።

6. ጭንቅላቱ ተቃንቶ እንደገና የሚያመልጥ ከሆነ ሦስተኛው ገመድ ይግባ። ሸምቀቆው ከሁለቱ ጆሮዎች በስተኋላ ያልፋል፣ ፊት ለፊት ደግሞ በአፉ ውስጥ። አንገቱን የሚያንቅ አስተሳሰር አይሁን። ይህ ገመድ አቅጣጫ ለመጠበቅ ነው እንጂ ግልገሉን ለማውጣት አይደለም።

7. ጭንቅላቱ ወደ ዳሌው መግቢያ ሲመጣ በገመዶቹ እግሮቹን መልሰው ያምጡ። አፍንጫው በጉልበቶቹ ላይ ተኝቶ ሁለቱ ሰኮናዎች ከፊቱ ሲቀድሙ አቀማመጡ ትክክል ሆኗል።

8. አሁን ይሳባል፤ የሚሳበው ግን ስታምጥ ብቻ ነው። አንዱን እግር ትንሽ፣ ከዚያ ሌላውን ትንሽ እያፈራረቁ፣ ትከሻዎቹ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ሆነው እንዲያልፉ ያድርጉ። ጭንቅላቱ እስኪወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ታች ወደ ቋንጃዋ በቅስት ይሳባል። የአንድ ሰው ሁለት እጅ ኃይል ይበቃል። በዚያ ካልወጣ የተቀረቀረ ነገር አለና ቆመው እንደገና ይዳብሱ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ፍየል ላይ ግንባሩ ሲደርስ የብልቷ ጠርዝ ይጠብቃል። ዘይት የነካ ጣት በግንባሩ ዙሪያ እያዞሩ ሁለት ሦስት ምጥ ያሳልፉ፤ እዚህ ላይ መቸኮል ይቀድዳል። ትከሻው ወጥቶ ዳሌው ከተያዘ ደግሞ ግልገሉን በትንሹ ወደ ጎን ጠምዘዝ ማድረግ ይፈታዋል።

ውስጥ የሚሠራበት ጊዜ ወሰን አለው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሞክረው ጭንቅላቱ ካልተቃና ያቁሙ። ማሕፀኑ ያብጣል፣ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባለሙያም ይቸገራል። ደማቅ ደም እየፈሰሰ ከሆነ የደቂቃው ቁጥር ሳይጠበቅ ይቁም።

ሁለተኛው

በምሳሌያችን የመጀመሪያው ግልገል 8፡05 ላይ ወጣ። ፊቱ ትንሽ አብጧል፣ ይተነፍሳል፣ ራሱን አያነሣም። ስሕተት የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ሁሉም ሰው ወደ እናቲቱ ይመለስና እርጥቡ ግልገል መሬት ላይ ይቀራል። ከረዳቶቹ አንዱ ሌላ ሥራ ሳይሰጠው ግልገሉን ብቻ ያድርቅ።

ሌላ ግልገል መኖሩን ለማወቅ ከኋላዋ ቆመው ሁለት እጅዎን ከጡቷ ፊት፣ ከሆዷ በታች አስገብተው በፍጥነት ከፍ አድርገው ይልቀቁ። ጠንካራ የሚመታ ነገር ከተሰማ አለ። እጅ አስቀድሞ ገብቷልና በታጠበ እጅ እንደገና መዳበስም ይቻላል። በተፈጥሮ ሲወለዱ በመንቶቹ መካከል ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ያልፋል፤ የደከመች እናት ላይ ግን ግማሽ ሰዓት ካለፈ ይረዷት።

የእኛው ሁለተኛ በኋላ እግሩ መጣ። ሁለቱም የኋላ እግሮች ተዘርግተው ከመጡ ማዞር አያስፈልግም፤ እንዳለ ይወጣል። ቋንጃው እስኪታይ በእርጋታ ይሳባል፤ ዳሌው ካለፈ በኋላ ግን ፈጥኖ ይውጣ። በዚህ ጊዜ እትብቱ በዳሌው አጥንትና በግልገሉ መካከል ይጨመቃል፣ ጭንቅላቱ ገና ውስጥ እያለም ለመተንፈስ ሲሞክር የሽርቱን ውሃ ይስባል። 8፡15 ላይ ወጣ፤ አይተነፍስም።

ያልተነፈሰ ግልገል

ከሁሉ በፊት ሁለት ጣት በግራ ክርኑ በስተኋላ ደረቱ ላይ ይደረግ። ልብ የሚመታ ከሆነ ሥራ አለ። ምንም ምት ከሌለና ዓይኑ ሲነካ ካልተርገበገበ ጊዜውን ለሌላው ግልገል ያውሉት።

አፍንጫውን ከዓይኑ ሥር ጀምረው ወደ ጫፉ በጣት እየጨመቁ ልጋጉን ያውጡ፤ አፉን በጨርቅ በተጠቀለለ ጣት ይጥረጉ። በኋላ እግሮቹ አንሥተው ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ ለጥቂት ሴኮንድ ይያዝ፤ ውሃው ይንጠባጠባል። ማወዛወዝና ማሽከርከር አያስፈልግም፤ ያዳልጣል፣ ጭንቅላቱ ይጋጫል፣ ብዙ የሚወጣው ፈሳሽም ከሆዱ እንጂ ከሳንባው አይደለም።

ከዚያ በደረቱ አስተኝተው እግሮቹን ከሥሩ ይሰብስቡለት፤ በጎኑ ከተኛ የታችኛው ሳንባ አይነፋም። ንጹሕ ጭድ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጥቂት አስገብተው ያኮርኩሩ፤ ማስነጠሱ የመጀመሪያው ትንፋሽ ይሆናል። ጎንና ጎኑን በሸካራ ጨርቅ አጥብቀው ይሹት። ጥቂት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮው ውስጥ ማድረግም ያስደነግጠዋል፤ መላ አካሉ ላይ ግን ውሃ አይፈስስም።

አንድ ደቂቃ ሞልቶ ካልተነፈሰና ልቡ እየመታ ከሆነ ትንፋሽ ይሰጠዋል። አፍዎ አፍንጫውን በቀጥታ አይንካው፤ በሽታ ይተላለፋል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ አጭር የላስቲክ ቱቦ በአንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጫፍ ይግባ፣ ሌላው ቀዳዳና አፉ በእጅ ይዘጋ፣ አንገቱ ቀጥ ይበል። የሚነፋው በጉንጭ ውስጥ የያዙት አየር ብቻ ነው። የሁለት ኪሎ ግልገል ሳንባ በሰው ሙሉ ትንፋሽ ይጎዳል። ደረቱ ከፍ ሲል ይቁም፣ አየሩ በራሱ ይውጣ፣ በየሦስት ሴኮንዱ ይደገም። ከደረቱ ይልቅ ሆዱ የሚነፋ ከሆነ አየሩ በምግብ መንገድ እየሄደ ነው፤ አንገቱን አስተካክለው ይቀጥሉ። በየደቂቃው ቆመው ልቡን ይስሙ። ልቡ እየመታ እስካለ ድረስ አሥር ደቂቃ ያህል መሞከር ተገቢ ነው።

ሲተነፍስ እትብቱ ይታይ። በራሱ የተበጠሰ ይሻላል፤ የሚደማ ከሆነ ከሆዱ ሦስት ጣት ርቆ በፈላ ክር ይታሰር። ጫፉ ብቻ ሳይሆን ሙሉው እትብት እስከ ሆዱ ድረስ አዮዲን ውስጥ ይነከር። እበት፣ አመድና ቅቤ አይደረግበት።

የበረደው ግልገል

የመጀመሪያው ግልገል ደርቋል፤ 8፡45 ላይ ግን ራሱን አላነሣም፣ ጣት ሲገባ አፉ ቀዝቃዛ ነው። ቴርሞሜትሩ በፊንጢጣው ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ይለካ። ጤናማ ግልገል ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው። ከ37 እስከ 39 ከሆነ ማድረቅ፣ ከእናቱ ጡት ማጥባትና ከነፋስ መከለል ይበቃል። የእኛው 36 ተገኘ።

ከ37 በታች የሆነ ግልገል ሆዱ አይሠራም፣ የመዋጥ ኃይሉም ደክሟል። የሚፈስለት ወተት ሆዱ ውስጥ ይቆማል ወይም ወደ ሳንባው ይገባል፤ «ጠጥቶ እያለ ሞተ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ይሞቃል።

ፈጣኑ መንገድ ሙቅ ውሃ ነው። አካሉ እስከ አንገቱ በላስቲክ ከረጢት ይግባ፤ ራሱ ውጭ ይሁንና ሰው ይያዘው። ከረጢቱ ጠጉሩን ከመራስ ይጠብቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቱ የምታውቀውን ሽታ አያጥብበትም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የወለደች ፍየል የታጠበ ልጇን ልትገፋ ትችላለች። ውሃው 40 ዲግሪ ይሁን፤ ሕፃን የሚታጠብበት፣ ክርን ሲገባ የሚሞቅ ግን የማያቃጥል ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ ይጨመርበት፤ ሙቀቱ 38 ሲደርስ ይውጣ።

ለዚህ የሚበቃ ውሃ ከሌለ ሁለት ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንዱ በብብቱ አንዱ በጭኑ መካከል ይደረግና በጆንያና በጭድ ይሸፈን። ያልተጠቀለለ ጠርሙስ ያቃጥላል፤ የደከመ ግልገል መሸሽ አይችልም። ምድጃ ዳር ማስተኛትም የተለመደ ነው፤ ጭሱ ግን አሁን ሥራ የጀመረውን ሳንባ ይጎዳል፣ አንዱ ጎን ይቃጠልና ሌላው እንደ በረደ ይቀራል።

አንድ ወሰን አለ። ግልገሉ ከተወለደ ከአምስት ሰዓት በላይ ሆኖት በርዶ የተገኘ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሌሊት ተወልዶ ጠዋት ከተገኘ፣ በሰውነቱ ያለው ስኳር አልቋል። እንዲህ ያለውን በፍጥነት ማሞቅ ብቻውን ያንቀጠቅጠውና ይገድለዋል። ባለሙያ ከማሞቅ በፊት 20 በመቶ ግሉኮስ፣ በሰውነት ሙቀት ልክ ሞቆ፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ሊትር ሆዱ ውስጥ በመርፌ ይሰጠዋል። ይህ መርፌ በቤት ሰው አይሞከርም። ባለሙያ እስኪመጣ በጣት ጫፍ ጥቂት ማር ድዱ ላይ መቀባትና ከነፋስ መከለል ይቻላል፤ ማሩ እንዲዋጥ አይፈስስም። የእኛው ገና አንድ ሰዓት ስላልሞላው በቀጥታ ይሞቃል።

እንገር

38 ደርሶ፣ ራሱን አንሥቶ፣ ጣት አፉ ውስጥ ሲገባ ከጠባ አሁን ይጠጣል። እናቲቱ ያዘለችው የመከላከያ ኃይል በማሕፀን ወደ ግልገሉ አይሻገርም፤ የሚያገኘው በእንገር ብቻ ነው። የግልገሉም አንጀት ይህን የሚቀበለው ለጥቂት ሰዓታት ነውና የመጀመሪያው እንገር በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ ከስድስት ሰዓት አይለፍ።

መጠኑ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር ነው። የሁለት ኪሎ ግልገል 100 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ ይህ አምስት ጊዜ የተሞላ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ማለት ነው። በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት አራት ጊዜ፣ በድምሩ 400 ሚሊ ሊትር ይድረሰው። ከመታለቡ በፊት ከሁለቱም ጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጠብታዎች ይፍሰሱ፤ ጡቱን የዘጋው ነገር በዚህ ይወጣል። በሲሪንጅ ሲሰጥ ግልገሉ በደረቱ ተኝቶ፣ አንገቱ ሳይቀለበስ፣ በአፉ ጎን ጥቂት ጥቂት ይፈስስና እስኪውጥ ይጠበቃል። ካሳለ ይቁም።

ጣት የማይጠባ ግልገል በአፉ አይፈስስለትም፤ በሆድ ቱቦ ነው የሚሰጠው። ቱቦውን ያልያዘ ሰው መጀመሪያ ባለሙያ ሲያደርገው ይይ። ርዝመቱ ከአፍንጫው ጫፍ እስከ መጨረሻው ጎድን ይለካና ምልክት ይደረግበታል፤ በምላሱ ላይ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ በአንገቱ በግራ በኩል ሲያልፍ በጣት ይታወቃል። ግልገሉ ካሳለ ወይም በቱቦው ጫፍ ትንፋሽ ከተሰማ ሳንባ ውስጥ ነው፤ ወዲያው ይውጣ።

እናቲቱ

ልጆቿን ትልስ ዘንድ ወደ ፊቷ ያቅርቡላት፣ ለብ ያለ ውሃ በባልዲ ይስጧት። የእንግዴ ልጁ ብዙ ጊዜ በአራት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። ተንጠልጥሎ ከቆየ አይሳብ፣ ድንጋይም አይታሰርበት፤ 12 ሰዓት ካለፈው ባለሙያ ይጠራ። ሲወርድ በጓንት ወይም በላስቲክ ተይዞ ውሻና ጅብ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር።

እጅ የገባባት ፍየል መድኃኒት ያስፈልጋታል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የሚቆይ 20 በመቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን ነው፤ መጠኑ ለ10 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ ለእኛዋ ፍየል ሦስት ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሳታል። ወተቷን ሰው የሚጠጣ ከሆነ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት እስኪያልፍ ይቆይ፤ ግልገሎቹ ግን ይጥቡ።

ሽታ የሌለው ቀይ ፈሳሽ ለሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ቢታይ የተለመደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የሚሸት ቡናማ ፈሳሽ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ መብላት ማቆም፣ ወይም ባዶ ሆዷን መግፋት ከታየባት በዚያው ቀን ትታይ። ግልገሎቹም በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ ይነኩ፤ ጀርባውን አጉብጦ የቆመ፣ ሆዱ የተጣበቀና አፉ የቀዘቀዘ ካለ ጡት ሥር ቆሞ መታየቱ አያሳምን፤ እንደገና ቴርሞሜትር ይግባለት።